አያት፣ እናት፣ ልጅ፦ ገዳሪፍ የተወለደው ልጅ ዜግነት

«ልጄ፣ ሴት ልጄ በ2003 በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሄደች። ገዳሪፍ ላይ ሰው ቤት ስትሠራ ከአንድ ሰው ጋር ተጋቡ። እሱ ኢትዮጵያ የተወለደ ነው፤ ወላጆቹ ግን ከኤርትራ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ በ1990 በልጅነቱ አብሯቸው ተባረረ። የልጅ ልጄ መስከረም 2008 ገዳሪፍ ተወለደ። እዚያ ሦስቱም የስደተኛ ካርድ ነበራቸው። የሱዳን ጦርነት ሲነሣ እናቱ ይዛው መጣች። አባቱ ወደ ሊቢያ እንደወጣ ድምፁ ጠፋ። የልጄ መታወቂያም መንገድ ላይ ጠፋ። ቀበሌ ስንሄድ ‹አባቱ ኤርትራዊ፣ የተወለደው ሱዳን፣ የእናቱም ወረቀት የለም፤ ስደተኞች መሥሪያ ቤት ሂዱ› አሉን። ትምህርት ቤቱ የልደት ምስክር ወረቀት አምጡ ይላል። አንድ ሰው ደግሞ ‹ጎንደር እንደተወለደ አድርጌ አወጣላችኋለሁ› እያለን ነው። የልጅ ልጄ አገር የለውም ማለት ነው?»
አያቱ፣ ከአዘዞ

እናቴ፣ አገር አለው። ሴት ልጅዎ ኢትዮጵያዊት ከሆነች፣ የልጅ ልጅዎም ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነው። አሁን የቸገራችሁ ይህን የሚያሳይ ወረቀት ማጣት ነው። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ቀበሌ ላይ የተደባለቁትም እነሱ ናቸው።

በዓለም አቀፍ ሕግ ዜግነት የሌለው የሚባለው፣ የትኛውም አገር በራሱ ሕግ «ዜጋዬ ነው» የማይለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ስምምነት የሚለው ይህንን ነው። መታወቂያው የጠፋበት ሰው፣ ልደቱ ያልተመዘገበ ሰው፣ ድንበር በእግሩ የተሻገረ ሰው፣ በዚህ ብቻ ዜግነት የለውም አይባልም። ወረቀት አልባ ነው እንጂ ዜግነት አልባ አይደለም። ግን ወረቀቱ ለብዙ ዓመት ካልተገኘ፣ ልጁ አድጎ ራሱም ልጅ ከወለደ፣ ምስክሮቹ ካረጁና ካለፉ፣ ያኔ ወረቀት ማጣቱ ወደ እውነተኛው ዜግነት ማጣት ይጠጋል። ስለዚህ ጉዳዩ አሁን፣ እርስዎ በሕይወት እያሉ ቢያልቅ ደስ ይለኛል። ለምን እርስዎን እንዳልኩ ወደ ታች ይታያል።

የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ የሚያየው የት ተወለደ የሚለውን አይደለም፤ ከማን ተወለደ የሚለውን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6፣ የዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በአንቀጽ 3፣ ከወላጆቹ አንዱ ብቻ እንኳ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው ይላሉ። አባት ወይም እናት ብለው አያበላልጡም። አዘዞም ይወለድ፣ ገዳሪፍም ይወለድ፣ ልዩነት የለውም። ቀበሌው የጠቀሳቸውን ሦስት ነገሮች በዚህ ዓይን ይዩዋቸው። ሱዳን መወለዱ ከእናቱ ያገኘውን ዜግነት አይነካም። የአባቱ ዜግነትም አይነካውም። የሚቀረው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ የእናቱ ወረቀት።

ሱዳን መወለዱ የሱዳን ዜግነትም አልሰጠውም። የሱዳን ሕግም እንደኛው በዘር የሚሄድ ነው፤ እዚያ መወለድ ብቻውን ዜጋ አያደርግም። የልጅ ልጅዎ ዜግነት መያዣው እንግዲህ በእናቱ በኩል ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው የእናቱን ጉዳይ እንዲህ አጥብቄ የምይዘው።

ስለ አባቱ ጥቂት ልበል። የእሱ ዜግነት በእርግጥ የተወሳሰበ ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተባርሮ፣ ከዚያ ደግሞ ኤርትራን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። በሚያዝያ 1985ቱ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ማን መረጠ፣ ማን ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቀረ የሚለው ጥያቄ የዓለም አቀፍ የካሳ ኮሚሽን ሳይቀር ያከራከረ ነው። በእሱ ትውልድ ብዙ ሰው በዚህ መካከል ወድቆ ቀርቷል፤ ሲታሰብም ያሳዝናል። የልጅ ልጅዎን ዜግነት ለማረጋገጥ ግን ይህን ቋጠሮ መፍታት አያስፈልግም። ማንም ባለሥልጣን «መጀመሪያ የአባቱን አጣሩ» ቢላችሁ፣ መልሱ «ሕጉ ከወላጆቹ አንዱ ይበቃል ይላል» የሚል ነው። ሴት ልጅዎ እሱን በማግባቷም ያጣችው ነገር የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ከውጭ ዜጋ ጋር መጋባት ኢትዮጵያዊነትን አያስቀርም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ያው አንቀጽ ማንም ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን አይነጠቅም ይላል። በአዋጁ መሠረት ኢትዮጵያዊነት የሚቀረው ሰው ወዶ ሲተው ወይም የሌላ አገር ዜግነት ሲያገኝ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሱዳን ሰው ቤት መሥራት ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። ማረጋገጥ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሴት ልጅዎ የእርስዎ ልጅና ኢትዮጵያዊት መሆኗን። ሁለተኛ፣ ልጁ የእሷ መሆኑን። አያት፣ እናት፣ ልጅ። እርስዎ የመጀመሪያዋ ስለሆኑ ነው ቶሎ ይለቅ ያልኩት። የእርስዎ መታወቂያና የእርስዎ ቃል ከማንም ሰው ምስክርነት ይበልጣሉ።

በመጀመሪያው እንጀምር። ሴት ልጅዎ መታወቂያ ያወጣችው ከአዘዞ ቀበሌ ከሆነ፣ ካርዱ ቢጠፋም ማህደሩ እዚያው ሊኖር ይችላል። ቀበሌ ሄዳችሁ «መታወቂያ ስጡን» ከማለት በፊት «በዚህ የቤት ቁጥር ያለው የቤተሰብ ማህደር ይፈለግልን» በሉ። መታወቂያ የወሰደችበት ቅጽ፣ ፎቶዋ፣ የእናቷና የአባቷ ስም እዚያ ላይ አለ። ይህ አንድ ገጽ ከተገኘ የሥራው ግማሽ አለቀ። የጠፋውን መታወቂያ ለፖሊስ አመልክታ የማመልከቻዋን ማስረጃ ትያዝ። ከዚያ ጎን ለጎን የተማረችበት ትምህርት ቤት ትሂድ። የአንደኛ ደረጃ መዝገብ ላይ ስሟ፣ የአባቷ ስምና የትውልድ ዘመኗ አለ። ክርስትና ከተነሣችበት ቤተ ክርስቲያንም ደብዳቤ ይጻፍላት። እነዚህ ሁሉ ከሱዳን በፊት የተጻፉ መሆናቸው ዋጋቸውን ከፍ ያደርገዋል። ዛሬ ለጉዳዩ ተብሎ የተጻፈ ወረቀትና የዛሬ ሃያ ዓመት ማንም ጉዳይ ሳይኖረው የተጻፈ ወረቀት ዳኛ ፊት እኩል አይደሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ፋይዳ አውጡና ይበቃችኋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ፋይዳ ማንነትን ያሳያል፣ ዜግነትን አያሳይም። የውጭ ዜጋም እዚህ ነዋሪ ከሆነ ማውጣት ይችላል። ያውጡት፣ ይጠቅማል፤ ግን ይህን ጉዳይ አይዘጋም። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አውጡ የሚል ከመጣ ደግሞ እምቢ በሉ። እሱ ኢትዮጵያዊ የነበሩ የውጭ ዜጎች የሚይዙት ነው። ለልጁ ያንን መጠየቅ «የውጭ ዜጋ ነኝ» ብሎ በራስ እጅ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ልጁ የእሷ መሆኑ ነው። ሕጉ እዚህ ላይ ለእናት ቀላል ነው። እናትነት የሚረጋገጠው በመውለድ ብቻ ነው፤ ጋብቻ አይጠየቅም። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ ደግሞ የቤተሰብ ሕጉ ሌላ በር ይከፍታል። ልጁ እንደ ልጇ ሲያድግ መታወቁን፣ ሰው ሁሉ የእሷ ልጅ ብሎ እንደሚያውቀው በማስረጃና በምስክር ማሳየት ይቻላል። በተግባር ይህ የሚደረገው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ሴት ልጅዎ በራሷ ስም «ልጄ መሆኑ ይረጋገጥልኝ» ብላ ታመለክታለች።

ምን ታቅርብ? ገዳሪፍ የወለደችው ሆስፒታል ከሆነ፣ ሲወጡ የተሰጣት በዓረብኛ የተጻፈ ትንሽ የልደት ማሳወቂያ ሊኖራት ይችላል። የክትባት ካርድም አለ። ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ይተርጉመው። በደህናው ጊዜ የሱዳን ሰነድ በሱዳን ውጭ ጉዳይ፣ ቀጥሎ በእኛ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ማህተም ይመታበት ነበር። አሁን በጦርነቱ ምክንያት ይህ ሊሆን ካልቻለ፣ ለምን እንዳልሆነ በማመልከቻው ላይ ይገለጽ። ወረቀቱ ማህተም ባይኖረውም ከምስክር ጋር ሲሆን ሸክሙን ይይዛል። ምስክር ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከገዳሪፍ በመተማ የተመለሱ ብዙ ሰዎች አሉ። እርጉዝ ሆና ያዩዋት፣ ከአራስነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሁለት ሦስት ሰው ይፈለጉ። ጎረቤት ከዘመድ ይሻላል።

እናቴ፣ አንድ ወረቀት እንዳትቀደድ። የስደተኛ ካርዱን ማለቴ ነው። «ስደተኛ ነን ብለን ነበር፣ ይህ ከታየ ጉድ ይፈላል» ብላችሁ ደብቃችሁት እንደሆነ እገምታለሁ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ነገር ግን ያ ካርድ ዜግነት አይሰጥም፣ ዜግነትም አይነጥቅም። ስደተኛ ሆኖ መመዝገብ የሌላ አገር ዜጋ መሆን አይደለም። በሌላ በኩል ግን ካርዱ ላይ እናትና ልጅ በአንድ ቤተሰብ ቁጥር፣ በፎቶ፣ ከልጁ ሕፃንነት ጀምሮ ተመዝግበዋል። ከገዳሪፍ ይዛችሁት የመጣችሁት ማስረጃ ሁሉ ቢደመር፣ ልጁ የእሷ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ላይኖር ይችላል። ካርዱ ላይ የእሷ ዜግነት «ኤርትራ» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ አትደንግጡ። ከባሏ ጋር በአንድ ቤተሰብ ስትመዘገብ እንዲህ የተጻፈባት ብዙ ሴት አለች። ለፍርድ ቤቱ ራሷ ቀድማ ትናገረው። ሌላ ሰው ቆፍሮ ካወጣው ግን ያለችው ሁሉ ይጠረጠራል።

ስሟም ይታይ። ሱዳን ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን አሠሪዎቻቸው በሚቀላቸው የዓረብኛ ስም ይጠራሉ። ስሟ ባይቀየር እንኳ በዓረብኛ ፊደል ሲጻፍና ወደ አማርኛ ሲመለስ ተጣሞ ይመጣል። የሆስፒታሉ ወረቀት አንድ ስም፣ የስደተኛ ካርዱ ሌላ፣ የቀበሌው ማህደር ሦስተኛ ስም ይዘው ሲቀርቡ መዝጋቢው «ሦስት ሴት ናት» ይላል። ብዙ ጉዳይ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ በዜግነት ሕግ ሳይሆን በፊደል። ስለዚህ ለዚያው ፍርድ ቤት ስሞቹ ሁሉ የአንድ ሰው መሆናቸው እንዲረጋገጥ አብራ ትጠይቅ። የልጁ የልደት ቀንም በሦስቱ ወረቀቶች አንድ ዓይነት መሆኑን ተመልከቱ። ፈረንጅ ቀን ወደ እኛ ሲመለስ ስሕተት ይበዛል።

መታወቂያዋና የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከተያዙ በኋላ የቀበሌው የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ዘንድ ትሄዳላችሁ። ልደት መመዝገብ የነበረበት በ90 ቀን ውስጥ ነው። ጊዜው ስላለፈ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ግን አልፎበታል ተብሎ አይከለከልም። መዝጋቢው «ውጭ አገር የተወለደ እኔን አይመለከተኝም» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ውጭ የተወለደ ኢትዮጵያዊ በመደበኛው የሚመዘገበው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ነው። በስደተኛ ካርድ የምትኖር ሴት ግን ቆንስላ ደጅ መቆም ትፈራለች፤ ዛሬ ደግሞ ወደዚያ መመለስ አይቻልም። መዝጋቢው እንዲህ ካላችሁ ጸብ አያስፈልግም። «ምላሹን በጽሑፍ ስጡን» በሉ። በጽሑፍ የተሰጠ እምቢታ ይዞ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት መሄድ ይቻላል። በቃል የተባለ እምቢታ ግን ነገ «አላልንም» ይባላል።

በመዝገቡ ላይ የትውልድ ቦታው «ገዳሪፍ፣ ሱዳን» ተብሎ ይጻፍ። ጎንደር ብሎ ሊያወጣላችሁ ያለውን ሰው ቶሎ አሰናብቱት። ገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ የምታገኙት ግን ምንም የለም። ልጁ ጎንደር ቢወለድም ገዳሪፍ ቢወለድም ኢትዮጵያዊ የሚሆነው በእናቱ ነው። የውሸቱ ወረቀት የሚጨምርለት አንድም መብት የለም። የሚያሳጣው ግን ብዙ ነው። የሆስፒታሉ ወረቀት፣ የክትባት ካርዱ፣ ምስክሮቹ ሁሉ ገዳሪፍ ይላሉ፤ ከመዝገቡ ጋር ሲጋጩ ለእናትነቱ የምታቀርቡት ማስረጃ በሙሉ አብሮ ይወድቃል። ነገ ፓስፖርት ሲጠይቅም ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ሆኖ ይገኛል። ልጁን ከሚረዳው እውነት ላይ አታንሡት።

የአባቱም ስም ይጻፍ። «አባቱ አይታወቅም ብንል ነገሩ አይቀልም?» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ለዜግነቱ ምንም አይጨምርም፤ ከልጁ ግን አባቱን ይወስዳል። ሰውየው አንድ ቀን ከሊቢያ ወይም ከሌላ ቦታ ድምፁ ሊሰማ ይችላል።

ስደተኞች መሥሪያ ቤት ስለሚለው። ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ስደተኛ ሊሆን አይችልም። መተማ ላይ ስትገቡ እንዴት ነበር የተመዘገባችሁት? ከስደት ተመላሽ ተብላችሁ ከሆነ ያ ወረቀት ወርቅ ነው፣ ይፈለግ። ስደተኛ ተብላችሁ ከሆነ፣ መታወቂያዋ እንደወጣ መዝገቡ እንዲስተካከል ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ታመልክት። አሁን ግን ልጁን ለብቻው ስደተኛ አድርጋችሁ አታስመዝግቡ። እርዳታው የሚያጓጓ መሆኑ ይገባኛል፤ ኑሮው ከባድ ነው። ዛሬ በገዛ እናቱ ፊርማ «ኤርትራዊ ስደተኛ» ተብሎ የተጻፈ ልጅ ግን በኋላ ያንን ለማስለወጥ ከዚህ ሁሉ የከፋ መንገድ ይጠብቀዋል።

ይህን ሁሉ ብቻችሁን አትሩጡት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ማመልከቻውን ይጽፉላችኋል። ለትምህርት ቤቱም ፍርድ ቤት የከፈታችሁትን መዝገብ ቁጥር አሳዩና ወረቀቱ እስኪወጣ ልጁ ከክፍል እንዳይወጣ ጠይቁ።

ማህደሩም ባይገኝ፣ ትምህርት ቤቱም መዝገብ ባይኖረው፣ የእርስዎ ቃልና የምስክሮች ቃል ይቀራል፤ ከዚያ የተነሣ የሚወሰን ብዙ ጉዳይ አለ። እሱም ባይሳካ ግን መንገዱ ይጠባል። ሕጋችን ተጥሎ ለተገኘ ሕፃን ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ይገምታል፤ ወላጅ እያለው ወረቀት ለሌለው ልጅ ግን እንዲህ ያለ ግምት አላስቀመጠም። ይህ የአዋጁ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። የሚቀረው ለአካለ መጠን ሲደርስ፣ ቢያንስ 4 ዓመት ኖሮ፣ እንደ ውጭ ሰው ዜግነት ማመልከት ነው። የልጅ ልጅዎ እዚያ ይደርሳል ብዬ አላስብም።

የመጨረሻው ጉዳይ የዛሬ አይደለም፤ ግን ከአሁኑ ይጻፍና ይቀመጥ። የኤርትራ የዜግነት አዋጅ፣ እ.ኤ.አ. የ1992ቱ ቁጥር 21፣ አባቱ ወይም እናቱ የኤርትራ ዝርያ ያለው ልጅ የትም ቢወለድ ኤርትራዊ ነው ይላል። በእኛ አዋጅ አንቀጽ 20 ደግሞ ከውጭ ዜጋ ወላጅ በመወለድ ሁለተኛ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቼ ኢትዮጵያዊነቴን ይዣለሁ ብሎ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን ወዶ እንደተወ ይቆጠራል። አባቱ በኤርትራ ሕግ ዜጋ ነው ከተባለ ይህ አንቀጽ የልጅ ልጅዎን ይነካዋል። ልጁ 18 የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2026 ነው። ከዚያ ቀን እስከ መስከረም 2027 ባለው ጊዜ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በጽሑፍ ያሳውቅ። እስከዚያም የኤርትራ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት እንዳያወጣ፤ በዚያ ዜግነት መጠቀም ራሱ እንደ ምርጫ ሊቆጠርበት ይችላል። ማመልከቻውን ሲያስገባ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ የገቢ ማህተምና ቀን አስመትቶ እሱ ዘንድ ያስቀረው።